ፋኖሱን የያዙትን ሽቦዎች ከፊልም ላይ ማጥፋት፦ የሰባት ቀን የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ሾቱ አጭር ነው። ልጁ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ፋኖሱ ማንም ሳይነካው ከጠረጴዛው ላይ ብድግ ይላል። ልጁ እጁን ዘርግቶ ከፋኖሱ አናት በላይ ያሳልፋል፣ ምንም የያዘው ነገር እንደሌለ ለማረጋገጥ ያህል። ፋኖሱ አየር ላይ ይቀራል። በሴኮንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ 108 ፍሬም ነው፤ አራት ሴኮንድ ተኩል ማለት ነው። ካሜራው ትሪፖድ ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

ፋኖሱን የያዙት ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ናቸው። ከመያዣው ግራና ቀኝ ተነስተው ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። በአንድ ሽቦ ቢሰቀል ኖሮ ፋኖሱ በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ያስቸግር ነበር፤ ሁለት የሆኑት ለዚህ ነው። ከታች ደግሞ እንዳይወዛወዝ አንድ ናይለን ክር በጠረጴዛው ጀርባ በኩል ተስቧል።

ዛሬ ብሩሽ አልነካሁም። ሾቱን ደጋግሜ አየሁና የሚጠፋውን ሁሉ ከነፍሬም ቁጥሩ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሽቦዎቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሉ። ናይለኑ ግን ብርሃን ሲያገኘው ብቻ ነው ብልጭ የሚለው፣ ከ1022 እስከ 1049 ድረስ። ግድግዳው ላይ የሽቦዎቹ ጥላ አለ፤ ፈዛዛ ነው ግን አለ። ከዚያ ደግሞ ዋናው ጣጣ፦ ከ1058 እስከ 1071 ባሉት 14 ፍሬሞች የልጁ እጅ ከሽቦዎቹ ኋላ ያልፋል። በሽቦ መሐል እጅ ማሳለፍ ስለማይቻል ቀረጻው ላይ ከኋላ እንዲያሳልፍ ተደርጓል፣ ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ለእኔ ግን ሽቦው የሚንቀሳቀስ ቆዳ ላይ ተሰምሯል ማለት ነው። እጁ ከሽቦው ፊት ቢያልፍ ኖሮ ራሱ ይሸፍንልኝ ነበር።

ቪዲዮውን ወደ ተናጠል ፍሬሞች ቀየርኩት። ቁጥሩን ከ1001 የጀመርኩት በፊት በኩል ፍሬም መጨመር ቢያስፈልግ ወደ ዜሮና ወደ ታች እንዳልወርድ ነው። በ8 ቢት አለማውጣቴም ሆን ብዬ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቀስ እያለ የሚጨልም ብርሃን በ8 ቢት ላይ ትንሽ ሲነካካ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሰነጣጠቃል።

```
ffmpeg -i shot.mov -start_number 1001 -pix_fmt rgb48be plate.%04d.png
ffmpeg -i clean.mov -pix_fmt rgb48be clean.%04d.png
```

ቀን 2

ሁለተኛው ትእዛዝ ያወጣው ክሊን ፕሌቱን ነው። ማለትም ፋኖሱ፣ ሽቦውና ልጁ ከወጡ በኋላ ካሜራው ሳይነካ የተቀረጸ ባዶ ክፍል። ሁለት ሴኮንድ ነው፣ 48 ፍሬም። ይህን ላስቀረጸው ሰው ምስጋናዬ ትልቅ ነው፤ ባይኖር ኖሮ የግድግዳውን ሥራ ሁሉ ከጎን እየቀዳሁ መሥራት ነበረብኝ።

መጀመሪያ 48ቱን ፍሬሞች አማካይ አወጣሁላቸው።

```
magick clean.*.png -evaluate-sequence mean clean_avg.png
```

ለምን አማካይ? እያንዳንዱ ፍሬም ላይ የራሱ ግሬይን አለ፣ ያ የሚርመሰመሰው ደቃቅ ነጠብጣብ። አንዱን ፍሬም ብቻ ወስጄ 108 ፍሬም ላይ ብለጥፍ ግሬይኑ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ዙሪያው ሁሉ እየተርመሰመሰ አንድ ቀጭን መስመር ላይ ብቻ ፀጥ ሲል ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፣ ምን እንዳየ ባያውቅም። የ48 ፍሬም አማካይ ግሬይኑን ወደ ሰባተኛ እጅ ገደማ ያወርደዋል። ንጹህ መሠረት ይሆናል፣ ግሬይኑን ኋላ በተራው እመልሳለሁ።

ከዚያ አማካዩን በማስክ፣ ማለትም የሚተካውን ቦታ ብቻ በሚለይ ክልል፣ ሽቦው ላይ አስቀመጥኩና ችግሩ ወጣ። ሽቦው በነበረበት ቦታ ነጣ ያለ ሰንበር። ክሊን ፕሌቱ ከሾቱ ትንሽ ይደምቃል፤ በሁለቱ ቀረጻ መሐል መብራቱ ተለውጧል። መጀመሪያ ብርሃኑን በአጠቃላይ ዝቅ አደረግሁት፣ 1001 ላይ ልክ መጣ፣ 1040 ላይ ግን አልመጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ፋኖሱ ሲነሳና ልጁ ሲጠጋ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን በየፍሬሙ ይለወጣል። አንድ ቁጥር ለሁሉም አይሠራም።

መፍትሔው ብርሃኑን ከራሱ ከሾቱ መውሰድ ነው። ሾቱንም ክሊን ፕሌቱንም በጣም አደበዝዛለሁ፣ በ60 ፒክስል ገደማ። ሲደበዝዙ ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። አንዱን በሌላው ባካፍል በእያንዳንዱ ቦታና በእያንዳንዱ ፍሬም የብርሃኑ ልዩነት ስንት እንደሆነ ይነግረኛል።

```
patch = clean_avg * blur(plate) / blur(clean_avg)
```

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ምስሎቹ ወደ ሊኒየር ብርሃን ከተቀየሩ በኋላ ነው፣ ማለትም ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን የፒክስሉም ቁጥር እጥፍ እንዲሆን። ሳይቀየሩ ቢሠራ ደማቁ ቦታ ላይ ልክ ሲመጣ ጨለማው ላይ ይስታል።

ነጩ ሰንበር ጠፋ። ደስ ብሎኝ ልዘጋው ስል ጨለማው እንዲገለጥ ጋማውን ከፍ አድርጌ አየሁት፣ አሁን ደግሞ በቦታው ፈዘዝ ያለ ጥቁር ጥላ አለ። ትንሽ ካሰብኩ በኋላ ገባኝ። ሾቱን ሳደበዝዘው ሽቦውም አብሮ ደብዝዟል፤ ጥቁረቱ በሰፊው ተሰራጭቶ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎብኛል። ስለዚህ ሁለት ዙር ሠራሁ። በመጀመሪያው ዙር የተገኘውን ምስል፣ ማለትም ሽቦው በአብዛኛው የጠፋበትን፣ በ`plate` ቦታ አስገብቼ እሱን አደበዘዝኩት። በሁለተኛው ዙር ጥላው የለም።

የዚህ ዘዴ ድንበር የት እንደሆነም አየሁ። ልጁ ወደ ሽቦው ሲጠጋ የልብሱ ቀለም በድብዘዛው ውስጥ ይገባና ግድግዳውን ይበክለዋል። ከ1055 እስከ 1074 ድረስ እንዲህ ነው። ለእነዚያ ፍሬሞች የድብዘዛውን መጠን ወደ 20 ቀነስኩት፣ ልጁንም በግምት በማስክ ከሒሳቡ አስወጣሁት።

ቀን 3

የሽቦዎቹ ማስክ። የተወጠረ ሽቦ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ሁለት ነጥብ ይበቃዋል፣ አንዱ ከፍሬሙ በላይ አንዱ ፋኖሱ ላይ የታሰረበት። የታችኛውን ነጥብ ትራክ አደረግሁት፣ ማለትም ፕሮግራሙ በየፍሬሙ እንዲከተለው አደረግሁ፤ መያዣው ብረት ስለሆነና ስለሚያብለጨልጭ ትራኩ በደንብ ይይዛል። የላይኛው ነጥብ ላይ በየ4 ፍሬሙ በእጄ እያስተካከልኩ ሄድኩ።

ሽቦው ራሱ ስፋቱ 3 ፒክስል ነው፣ ከነደብዛዛ ጠርዙ 5 ይሆናል። ማስኩን 9 አደረግሁት፣ ጠርዙም ለስላሳ ነው። ሰፋ ባደርገው ምን አለበት የሚል ካለ፣ የተለጠፈው በሰፋ ቁጥር ስህተቱም አብሮ ይሰፋል። በጣም ቢጠብ ደግሞ ከሽቦው ጠርዝ ግራጫ ጭረት ይቀራል፣ ያ ፍሬሙ ቆሞ ሲታይ አይታይም፣ ሲንቀሳቀስ ግን ይጮኻል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ከ1030 እስከ 1038 አለ። ፋኖሱ ብድግ ሲል ሽቦው እንደ ክራር ክር ይርገበገባል። መሐሉ ሰፍቶ ስስ ጭጋግ መስሏል። ቀጥታው መስመር አይሸፍነውም። መሐሉ ላይ ሦስተኛ ነጥብ ጨመርኩ፣ ማስኩንም እዚያ አካባቢ 20 ፒክስል አደረግሁት።

የጥላውን ማስክ ሰፋ አድርጌ በተመሳሳይ መንገድ ሠራሁት። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የሽቦው ጥላ ከፋኖሱ ጥላ ጋር የሚገናኝበት። የፋኖሱ ጥላ መቅረት አለበት። ስለዚህ የጥላው ማስክ ከፋኖሱ ጥላ ጫፍ በላይ ይቆማል። ናይለኑም በክሊን ፕሌቱ ወጣ፣ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ከዚያ ግሬይኑ። የተለጠፈው ቦታ አሁን ንጹህ ነው፣ ከመጠን በላይ ንጹህ። ሠራሽ ግሬይን መጨመር ይቻላል፣ ግን የተሻለ ነገር አለኝ። ከእያንዳንዱ የክሊን ፕሌት ፍሬም ላይ አማካዩን ስቀንስ የሚቀረኝ ግሬይኑ ብቻ ነው። በዚሁ ካሜራ፣ በዚሁ ግድግዳ፣ በዚሁ ብርሃን ላይ የተቀዳ ግሬይን።

```
grain = clean - clean_avg
```

ጨለማ ቦታና ደማቅ ቦታ ግሬይናቸው አንድ አይደለም። ይህኛው እዚያው ቦታ ላይ ስለተቀዳ በራሱ ልክ ይመጣል። 48 ፍሬም ግሬይን አለኝ፣ የምፈልገው 108 ነው። በተከታታይ እየደገምኩ ብጠቀም በየሁለት ሴኮንዱ ያው ይመላለሳል፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አደባለቅሁት፣ አንዱ ፍሬም ሁለቴ ተከታትሎ እንዳይመጣም አየሁ።

ቀን 4

እጁ። 14 ፍሬም፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሽቦ። እዚህ ክሊን ፕሌት የለም፣ ሽቦ የሌለበት እጅ የሚባል ቀረጻ የለኝም። በብሩሽ ነው።

የጀመርኩት ከ1058 ነው። የእያንዳንዱ ብሩሽ ምት ዕድሜ አንድ ፍሬም ብቻ እንዲሆን አስተካከልኩ። `Clone` ይዤ ከሽቦው ጎን ካለው ቆዳ እየቀዳሁ ሽቦው ላይ አስቀመጥኩ። 1058 አለቀ፣ አጉልቼ አየሁት፣ ጥሩ ነው። 1059፣ 1060። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስሠራ ዋልኩና ማታ ላይ 14ቱም አለቁ። እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ ብታዩት እዚያ ሽቦ ነበረ አትሉም።

አጫወትኩት። ሽቦዎቹ በነበሩበት ቦታ ሁለት የሚርገበገቡ መስመሮች። የእጁ ቆዳ በመስመሩ ላይ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ ላይ እንደሚያርፍ ብርሃን።

የተሳሳትኩት ምን ላይ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ተከታታይ ፍሬሞችን እያቀያየርኩ አየሁ። 1064 ላይ ከግራ ቀድቻለሁ፣ 1065 ላይ ከቀኝ። አንዱ ላይ ብሩሹ ሰፊ ነው፣ ሌላው ላይ ጠባብ። ከግራ ያለው ቆዳ ከቀኙ ትንሽ ይጨልማል፤ ልዩነቱ በአንድ ፍሬም ላይ ከምንም አይቆጠርም፣ በሴኮንድ 24 ጊዜ ሲፈራረቅ ግን ብልጭ ድርግም ነው። ስህተቱ ሥዕሉ ላይ አልነበረም ማለት ነው፣ ከፍሬም ወደ ፍሬም ያለው ልዩነት ላይ ነበር። የቀኑን ሥራ በሙሉ አጠፋሁት። ከባድ ነበር፣ ግን ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ቀን 5

ከመጀመሬ በፊት 14ቱን ፍሬሞች እንደ እጁ ፍጥነት ከፋፈልኳቸው። ይህን ትናንት ጠዋት አድርጌው ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ይተርፈኝ ነበር።

እጁ ሲገባና ሲወጣ ፈጣን ነው፤ ከ1058 እስከ 1062፣ ከዚያም ከ1068 እስከ 1071። በእነዚህ ፍሬሞች እጁ ወደ ጎን ተጎትቶ ደብዝዟል። ሽቦው ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥርት ብሎ ይታያል። ይህ የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ በእውነቱ ቀላሉ ይሄ ነው። ቆዳው ወደ ጎን ስለተጎተተ ከሽቦው ግራም ቀኝም ያለው ቀለም አንድ ነው ለማለት ይቻላል። 6 ፒክስል ወደ ጎን ቀድቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ዋናው ነገር ሕግ ማውጣትና አለመልቀቅ ነው፦ የሽቦው ግራ ግማሽ ሁልጊዜ ከግራ፣ ቀኝ ግማሹ ሁልጊዜ ከቀኝ፣ ርቀቱ ሁልጊዜ 6 ፒክስል፣ ብሩሹ አንድ፣ ምቱ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ። ባያምርም እንኳ በሁሉም ፍሬም ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ አለማማሩ ይሻላል።

አስቸጋሪዎቹ ከ1063 እስከ 1067 ያሉት አምስቱ ናቸው። ልጁ እጁን ፋኖሱ አናት ላይ ለአፍታ ያቆመዋል። የጣት መገጣጠሚያው መስመር፣ ጥፍሩ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል፣ አንደኛው ሽቦ የመሐል ጣቱ መገጣጠሚያ ላይ ተሰምሯል። እዚህ በየፍሬሙ መሣል ይቅር አልኩ። አንዱን ፍሬም፣ 1065ን፣ መረጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል እሱ ላይ ብቻ ቆየሁ። የመገጣጠሚያውን መስመሮች ከጎን ሳይሆን ከ1061 አመጣሁ፣ ያ ጣት ገና ሽቦው ጋ ሳይደርስ ሙሉ ሆኖ ከሚታይበት ፍሬም። ትንሽ ደብዝዞ ነበር፣ ከታች እንደ መመሪያ አስቀምጬ በላዩ ላይ ከአጎራባቹ ጣት ቆዳ ቀዳሁበት።

ከዚያ ያንን የተጠገነ ቆዳ ብቻ ቆርጬ አወጣሁት፣ እንደ ቁራሽ። እጁ ላይ ሦስት ነጥብ ትራክ አደረግሁ፣ ሁለት መገጣጠሚያና አንድ ጥፍር፤ ቁራሹ ከነሱ ጋር እንዲሄድ አሰርኩት። በ1064 እና በ1066 ምንም ሳልነካው ተቀመጠ። በ1063 እና በ1067 እጁ መዞር ስለሚጀምር የቁራሹ ጠርዝ ላይ ጥቂት ምት አስፈለገ። ግሬይኑንም ቁራሹ ላይ መልሼ ጨመርኩ፣ ካልጨመርኩ ከእጁ ጋር የሚጓዝ የቆመ ግሬይን ይሆንብኝ ነበርና።

የሥራውን ቅደም ተከተልም ቀየርኩ። መጀመሪያ ግድግዳው፣ ሽቦው በጣቶቹ መሐል የሚታይበትን ክፍተት ሁሉ በክሊን ፕሌቱ። ቀጥሎ ቆዳው። በመጨረሻ የጣቱ ጠርዝ። ጠርዙ ላይ ቆዳና ግድግዳ ተደባልቀዋል፣ ስለዚህ ከውስጥም ከውጭም መቅዳት አይሆንም። ጠርዙን ተከትሎ፣ ከሽቦው ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ፣ ከራሱ ከጠርዙ ላይ መቅዳት ነው። ጣቱ ያጋደለ ከሆነ የምቀዳበት አቅጣጫም አብሮ ያጋድላል።

አጫወትኩት። አይርገበገብም። 1068 ላይ አንድ ብልጭታ ብቻ፤ ቁራሹ አልቆ በብሩሽ የተሠራው የሚጀምርበት ቦታ ነው። ቁራሹን በግማሽ ግልጽነት እስከ 1068 አስረዘምኩት፣ ተለሳለሰ።

ቀን 6

ፋኖሱ ራሱ። ሽቦው መያዣው ላይ የተጠመጠመበት ቋጠሮ በአንድ ፍሬም ተሠርቶ ትራክ ተደርጎ አለቀ።

መስታወቱ ግን አስገረመኝ። ቀን 1 ላይ በጻፍኩት ዝርዝር ውስጥ የለም። ሽቦዎቹ ከጠፉ በኋላ ነው ያየሁት፣ የፋኖሱ መስታወት ላይ ሁለት የፀጉር ያህል ቀጫጭን የብርሃን ጭረቶች፣ የሽቦዎቹ ነጸብራቅ። ሽቦዎቹ እያሉ ዓይኔ እነሱ ላይ ስለነበር አላየሁትም። ጭረቶቹ ፋኖሱን ተከትለው አይሄዱም፣ ፋኖሱ ሲነሳ መስታወቱ ላይ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ለፋኖሱ የሠራሁት ትራክ ለነሱ አይሆንም፣ የራሳቸውን ሠራሁ። 26 ፍሬም ላይ ይታያሉ፤ ከጎናቸው ያለው መስታወት ለስላሳ ስለሆነ ያው የግራ ከግራ፣ የቀኝ ከቀኝ ሕግ ሠራ።

ቀን 7

ምርመራ። ጋማውን ወደ ላይ ከዚያም ወደ ታች አድርጌ ሁለቴ አየሁ። ሰማያዊውን ቻናል ብቻ ለይቼ አየሁ፤ በብዛት ግሬይኑ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ስለሆነ የተለጠፈ ቦታ ቶሎ ይጋለጣል። ከዚያ የመጨረሻውን ምስል ከመጀመሪያው ቀንሼ ልዩነቱን በ8 አባዛሁት። ከማስኮቹ ውጭ ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። 1044 ላይ ከታች በቀኝ ጥግ አንዲት የብሩሽ ምት ተገኘች፣ እጄ ስቶ ያረፈባት። ያለዚህ መቼም አላገኛትም ነበር።

ለእህቴ አሳየኋት። ሽቦ እንደነበረ አልነገርኳትም፣ ዝም ብለሽ እይው አልኳት። ሦስት ጊዜ አየችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን መጨረሻ ላይ ለምንድነው እንደተንጠለጠለ ነገር የሚወዛወዘው?»

ልክ ናት። ከ1076 በኋላ ናይለኑ ላልቷል፣ ፋኖሱ ግራ ቀኝ ይላል፣ እንደ ፔንዱለም። ሽቦዎቹ የሉም፣ ውዝዋዜው ግን የሽቦ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ የያዘውን ነገር ሳጠፋ የእንቅስቃሴው ነገር ትዝ አላለኝም።

ሊስተካከል ይችላል፣ ክሊን ፕሌቱ አለና። ፋኖሱን ከነመስታወቱ በማስክ ቆርጬ አወጣሁ፣ ከኋላው ባዶውን ግድግዳ አስገባሁ፣ የውዝዋዜውን መንገድ ከትራኩ ላይ አንብቤ በግማሽ ያህል ወደ ተቃራኒ ገፋሁት። በሁለት ሽቦ ስለተሰቀለ ሲወዛወዝ አይዞርም፣ ወደ ጎን ብቻ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ መግፋቱ ይበቃል። ትልቁ ግፊት 7 ፒክስል ነው። ሙሉ በሙሉ ለማቆም ሞክሬም ነበር፣ ፋኖሱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሥዕል መሰለ፤ ጥላው ደግሞ ብቻውን መወዛወዙን ቀጠለ። በግማሽ ሲሆን ጥላውን በ3 ፒክስል ብቻ መግፋት በቃኝ።

የሚያስከፍለው ነገር አለ። ፒክስል ሲገፋ ትንሽ ይለሰልሳል፣ ፋኖሱ ከ1076 በኋላ በጥቂቱ ጥራቱ ቀንሷል። ለዚህ ነው ከዚያ በፊት ያሉትን ፍሬሞች ያልነካኋቸው። የተገፋው ፋኖስ ላይ በጣም ትንሽ ማጥሪያ ጨመርኩ፣ 1075 እና 1076ን እያቀያየርኩ እስኪመሳሰሉ ድረስ።

እህቴን እንደገና ጠራኋት። ሁለት ጊዜ አየችና «አሁን ምን ቀየርክ?» አለችኝ። 108ቱን ፍሬሞች አውጥቼ ላክሁ።